ለታናሽ እህቴ የጻፍኩት ደብዳቤ፦ የዲፓርትመንት ምርጫ ፎርም ሐሙስ ይዘጋል

ቡና ቀማሿ (ጅማ)

ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ እህቴ ከጅማ ርቃ ፍሬሽማን ጨርሳለች። የዲፓርትመንት ምርጫ ፎርሙ ሐሙስ ማታ ይዘጋል። ትናንት ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ እያለቀሰች ደወለችልኝ። በስልክ ላስረዳት ብሞክር አልሆነልኝም፤ ተነስቼ ደብዳቤ ጻፍኩላት። ፈቅዳልኝ ነው እዚህ ያስቀመጥኩት። ምደባውን በቅርብ የምታውቁ ካላችሁ የተሳሳትኩትን ከሐሙስ በፊት አርሙኝ።

ሚጡዬ፣

ስልኩን ከዘጋሽው በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። «ሕክምናን አንደኛ ካልጻፍኩ አባባ ያዝንብኛል፤ ከጻፍኩ ደግሞ ፋርማሲም ያመልጠኛል» ነበር ያልሽኝ። እዚህ ውስጥ ሁለት ፍርሃት አለ። ተጣብቀው ስለመጡብሽ አንድ መስለውሻል እንጂ አንዱ የአባባ ነው፣ አንዱ የፎርሙ ነው። የፎርሙ በእርሳስና በወረቀት የሚፈታ ነውና በእሱ ልጀምር።

እኔ ያን ፎርም እንዴት እንደሞላሁት ነግሬሽ አላውቅም። አንደኛ ሕክምና አልኩ፤ ሁሉም እንደዚያ ይላል። ሁለተኛውን ከአጠገቤ ከነበረች ልጅ ገለበጥኩ። ከሦስተኛ በታች ያለውን ግን በስልኬ፣ ካፌ በር ላይ ቆሜ፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሞላሁት። «እዚያ ድረስ አይደርስም» ብዬ ነበር። የተመደብኩት ሦስተኛው ላይ ነው። ዕፅዋት ሳይንስ ምን እንደሚማሩበት እንኳ አላውቅም ነበር። ዛሬ ሥራዬን እወደዋለሁ፤ ግን ይሄ ዕድል ነው፣ እንደ ብልሃት አትቁጠሪልኝ። አብረውኝ በዚያው መንገድ ከገቡት የዶርም ጓደኞቼ ሁለቱ አራቱን ዓመት ሙሉ ሳይወዱት ነው የጨረሱት። እና የመጀመሪያው ልመናዬ ይሄ ነው፦ ሦስተኛውንም አራተኛውንም «እዚህ ብመደብ ሰኞ ጠዋት ተነስቼ ክፍል እገባለሁ ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽ ሙይው።

አሁን ወደ ምደባው። እኔ እስከገባኝ ድረስ ሁለት ዓይነት አሠራር አለ። ሦስት ልጆች አሉ እንበል፤ አንዷ 3.8፣ አንዷ 3.6፣ አንዷ 3.4 አላቸው። ሕክምና አንድ ቦታ፣ ፋርማሲ አንድ ቦታ፣ ዕፅዋት ሳይንስ አንድ ቦታ ቀርቷቸዋል። ባለ 3.8ዋም ባለ 3.6ዋም ሕክምናን አንደኛ፣ ፋርማሲን ሁለተኛ ብለዋል። ባለ 3.4ዋ ፋርማሲን አንደኛ ብላለች።

በመጀመሪያው አሠራር ሁሉም በነጥብ ቅደም ተከተል ይሰለፋሉ። ባለ 3.8ዋ ትጠራለች፣ ሕክምና ትገባለች። ቀጥሎ ባለ 3.6ዋ ትጠራለች፤ ሕክምና ሞልቷል፣ ወደ ሁለተኛ ምርጫዋ ሲኬድ ፋርማሲ ክፍት ነው፣ ትገባለች። ባለ 3.4ዋ ዕፅዋት ሳይንስ ይደርሳታል። እዚህ ላይ ባለ 3.6ዋ ሕክምናን አንደኛ በማለቷ የከሰረችው ምንም የለም።

በሁለተኛው አሠራር መጀመሪያ የሁሉም አንደኛ ምርጫ ብቻ ይታያል። ሕክምናን ባለ 3.8ዋ ትወስዳለች። ፋርማሲን አንደኛ ያለችው ባለ 3.4ዋ ብቻ ስለሆነች ፋርማሲን እሷ ትወስዳለች። ከዚያ ሁለተኛ ምርጫ ሲከፈት ባለ 3.6ዋ ወደ ፋርማሲ ትሄዳለች፤ ሞልቷል። ዕፅዋት ሳይንስ ትወድቃለች። ከእሷ ባነሰ ነጥብ ሌላ ልጅ ፋርማሲ ገብታለች። አንቺ የምትፈሪው ይሄንን ነው፤ አሠራሩ ይሄ ከሆነ ደግሞ ፍርሃትሽ ልክ ነው።

ግን ልብ በይ። ይሄ አጣብቂኝ የሚይዘው ሕክምናን ከፋርማሲ አብልጣ የምትወድን ልጅ ነው። ከልብሽ የምትፈልጊው ፋርማሲ ከሆነ፣ በሁለቱም አሠራር ፋርማሲን አንደኛ መጻፍ ፋርማሲ የመግባት ዕድልሽን አይቀንስብሽም። እና ጥያቄው ከፎርሙ ላይ ተነስቶ ወደ አንቺ ይመለሳል፦ የትኛውን ነው የምትፈልጊው?

ይሄን ደግሞ በስሙ አትመልሺው። የማንኛውንም ሥራ አሰልቺ ሰዓት ሄደሽ እዪ። የእኔን ልንገርሽ። ሰው «ቡና ትቀምሳለች» ሲል እንደ ቡና ጠጪ ነው የሚያስበኝ። ጠዋት ስገባ መጀመሪያ የማደርገው 350 ግራም ጥሬ ቡና ጥቁር ሰሌዳ ላይ ዘርግቼ ጉድለት መልቀም ነው። ጥቁሩን፣ ነቀዝ የበላውን፣ የተሰበረውን አንድ በአንድ ለይቼ እቆጥራለሁ። ከዚያ ትናንት ተቆልቶ ያደረው ይፈጫል፤ ለአንድ ሲኒ 8.25 ግራም መዝኜ 150 ሚሊ ሊትር ውኃ አፈስበታለሁ። ለአንድ ናሙና አምስት ሲኒ። አራት ደቂቃ ጠብቄ ላይ የተጋገረውን በማንኪያ እየሰበርኩ አሸታለሁ፣ ሲበርድ በማንኪያ ስቤ እቀምስና እተፋዋለሁ። ከአምስቱ አራቱ ጥሩ ሆኖ አንዱ ብቻ አፈር አፈር ሊለኝ ይችላል። ያኔ ነው ሥራው፤ በደንብ ያልደረቀ ከረጢት ገብቶበት ይሆን ብዬ እርጥበቱን እንደገና እለካለሁ፤ ከ12 በመቶ ካለፈ መጋዘን ውስጥ ሊሻግት ይችላል። ይሄንን በቀን ሠላሳ ጊዜ፣ ሽቶ ሳልቀባ፣ ቁርሴ ላይ ሽንኩርት ሳይኖር። እኔ ያ አምስተኛው ሲኒ ሲገኝ ደስ ይለኛል። ያ ደስ የማይለው ሰው እዚህ መሥራት የለበትም።

ስለዚህ ነገ ግቢሽ አጠገብ ያለ መድኃኒት ቤት ግቢ። «ተማሪ ነኝ፣ ግማሽ ቀን ቆሜ ልይ» በያቸው። ቆጠራ ሲሠሩ እዪ። ከዚያ ሆስፒታል ያለችውን የአክስታችንን ልጅ ደውለሽ ስለ አዳር ተረኛነት ጠይቂያት፤ ስለ ምርቃቱ ሳይሆን ስለ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት።

አባባን ለእኔ ተይው ማለት እፈልግ ነበር፤ ግን ልክ አይመጣም። አብሬሽ ስልኩ ላይ እሆናለሁ፣ የምትነግሪው ግን አንቺ ነሽ።

እህትሽ

---

የአጂፕ ልጅ

ጥሩ ደብዳቤ ነው፣ ግን ልጅቷን አታወዛግቢያት። አሠራሩ አንድ ነው። ሁሌም አንደኛ ምርጫ ይቀድማል። እኔ ራሴ በዚህ ተቃጥያለሁ። ሕክምና አንደኛ ብዬ፣ ሁለተኛ ያልኩት ትምህርት ክፍል ከእኔ ያነሰ ነጥብ ያላቸውን ወስዶ እኔን አልወሰደም። ስለዚህ ምክሬ፦ የአምናውን መቁረጫ ነጥብ እዪ፣ ነጥብሽ ከሚበልጠው ውስጥ ከፍ ያለውን አንደኛ ጻፊ፣ ተኚ።

---

ምደባ ላይ የነበርኩ

ለተወሰኑ ዓመታት በአንድ ዩኒቨርሲቲ የተማሪ ምደባ ላይ ሠርቻለሁ፤ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ደብዳቤሽን በጥሞና አነበብኩት ልጄ። የሦስቱ ልጆች ምሳሌ ትክክል ነው።

የአጂፕ ልጅ የደረሰበት እውነት ነው፣ «ሁሌም» ያለው ግን አይደለም። እኔ በሠራሁበት ቦታ በነጥብ ቅደም ተከተል ነበር የሚጠሩት። ሌላ ቦታ አንደኛ ምርጫን ቅድሚያ ይሰጣሉ። በአንድ ግቢ ውስጥ እንኳ ዘንድሮና አምና ሊለያይ ይችላል፤ ሲስተሙ ሲቀየር ደንቡም አብሮ ይቀየራል። ስለዚህ ልጅቷ ሬጅስትራር ሄዳ «ምደባው እንዴት ነው?» ብላ ከጠየቀች «በውጤትና በምርጫ ነው» ይሏታል። ይሄ መልስ ምንም አይነግራትም። ጥያቄዋ እንዲህ ይሁን፦ «ፋርማሲን ሁለተኛ ያደረገች ባለ 3.6 ተማሪ፣ አንደኛ ካደረገች ባለ 3.4 ተማሪ ትቀድማለች ወይስ አትቀድምም?» መልሱ አዎ ወይም አይ ብቻ ነው። የሚመልስላት ሰው ከተጠራጠረ፣ ሲስተሙን የሚያንቀሳቅሰውን ሰው ታስጠይቅ።

ሁለተኛ፣ ስለ መቁረጫ ነጥብ። ተማሪዎች እንደ መግቢያ ፈተና ያዩታል፤ «ፋርማሲ በ3.5 ይቀበላል» ይላሉ። ፋርማሲ እንዲህ ብሎ አያውቅም። ያ ቁጥር አምና በመጨረሻ የገባው ልጅ ነጥብ ነው፤ ምደባው ካለቀ በኋላ የተገኘ ነው። አምና 60 ቦታ ኖሮ ዘንድሮ 40 ከሆነ ይወጣል። አምና ብዙ ልጅ ፈርቶ ያልጻፈው ትምህርት ክፍል ደግሞ ይወርዳል፤ ያንን አይተው በሚቀጥለው ዓመት ሁሉም ይጽፉታል፣ ተመልሶ ይወጣል። ይሄን ሲወጣና ሲወርድ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። በአምናው ቁጥር ብቻ ተደግፎ አንደኛ ምርጫን መለወጥ አልመክርም። ዘንድሮ ስንት ቦታ እንዳለ ግን ትጠይቅ።

እና የሚወዳደሩበት ነጥብ ጂፒኤው ብቻ ላይሆን ይችላል። የ12ኛ ክፍል ውጤት የሚደመርበት ቦታ አለ፣ ለሴት ተማሪዎች ተጨማሪ ነጥብ የሚሰጥበትም አለ። እህትሽ ራሷን ከጓደኞቿ ጋር በጂፒኤ ብቻ አወዳድራ ፈርታ ከሆነ በተሳሳተ ሰልፍ ላይ ቆማ ይሆናል።

---

የአጂፕ ልጅ

አባቴ፣ አመሰግናለሁ። የእኛ ግቢ እንደ ሁለተኛው ነበር ማለት ነው። ያኔ ይሄን ጥያቄ የሚነግረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ... ለማንኛውም ሁለተኛዬን አንደኛ አደርገው ነበር።

---

እናት ከአጋሮ

ልጆቼ፣ ስለ ምርጫ ስታወሩ አይቼ ነው። የእኔ ልጅ 10ኛ ክፍልን ጨርሶ ወደ 11 ሲያልፍ ናቹራል ወይስ ሶሻል ይግባ በሚለው ተጨንቀናል። ሒሳብ ይወዳል፣ ባዮሎጂ ይጠላል። ናቹራል ከገባ በኋላ በምደባ ነጥብ ያንሰዋል ማለት ነው?

---

ቡና ቀማሿ (ጅማ)

እማማ፣ የእኛ ነገር ዩኒቨርሲቲ ከገቡ በኋላ ያለው ነው፤ የልጅዎ ከዚያ በፊት ያለው ነው። ሒሳብ ሁለቱም ጋ አለ። ኢኮኖሚክስና አካውንቲንግ በሶሻል በኩል ነው የሚገባባቸው፣ ኢንጂነሪንግ በናቹራል። ባዮሎጂን የሚጠላው አስተማሪውን ጠልቶ ነው ወይስ ትምህርቱን ራሱን? መጀመሪያ እሱን ይጠይቁት። ለብቻው ርዕስ ቢከፍቱበት ደግሞ መምህራን ከእኔ የተሻለ ይመልሱልዎታል።

---

መድኃኒት ቤት ያለሁ

የፋርማሲን አሰልቺ ሰዓት እኔ ልንገራት። አሥራ አንድ ዓመት ቆሜበታለሁ።

ሰኞ ጠዋት የመድኃኒት ገቢና ወጪ የሚመዘገብበትን ቢን ካርድ ይዘን መደርደሪያ እንቆጥራለን። ካርዱ ላይ 84 እሽግ ይላል፣ መደርደሪያው ላይ 79 ነው። አምስቱ የት ገቡ? እስኪገኙ ድረስ ነው። የመጠቀሚያ ጊዜያቸው የሚቀርበውን ወደ ፊት፣ የሚርቀውን ወደ ኋላ እናዞራለን። ይሄን የጠላ ሰው ሥራውን ግማሽ ጠልቷል።

ከዚያ እናት ልጇን ይዛ ትመጣለች። 12 ኪሎ ነው፣ ትኩሳት አለው፣ የፓራሲታሞል ሽሮፕ ታዝዞለታል፣ ወረቀቱ ላይ «5 ሚሊ» ብቻ ተጽፏል። ለሕፃን በአንድ ጊዜ የሚሰጠው በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ነው። ስለዚህ ለዚህ ልጅ ከ120 እስከ 180 ሚሊ ግራም። በእጄ ያለው ሽሮፕ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ሚሊ ግራም ያለው ከሆነ ትክክል ነው። ግን በ5 ሚሊ ሊትር 250 ሚሊ ግራም ያለውም አለ፤ ጠርሙሱ ይመሳሰላል፣ ስሙ አንድ ነው። ያንን ብሰጣት «5 ሚሊ» የሚለው ቃል ሳይቀየር ልጁ 250 ይወስዳል ማለት ነው፣ በየስድስት ሰዓቱ። ጠርሙሱን አዙሬ ጽሑፉን ማንበብ ሦስት ሴኮንድ ነው የሚፈጀው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ሰልፍ በዝቶም ደክሞኝም፣ በየቀኑ አዙሬ አነባለሁ። ማንም አያየኝም፣ ማንም አያመሰግነኝም።

እህትሽ ኬሚስትሪ ስለምትወድ ከሆነ ፋርማሲ ያለችው፣ ክፍል ውስጥ ታገኘዋለች። መደርደሪያው ጋ የሚጠብቃት ግን ይሄ ነው። ይሄን ስታነብ ልቧ ወዴት እንደሄደ ጠይቂያት።

---

ሦስተኛ ዓመት ሕክምና

ሁላችሁም ጥሩ ብላችኋል፣ በአንድ ነገር ግን አልስማማም። «አሰልቺውን ሰዓት ሄደሽ እዪ» የሚለው እኔን ያሳስተኝ ነበር። ሕክምናን የጻፍኩት አባቴ ስላለ ነው፤ እውነቱን ልናገር። ለመጀመሪያ ጊዜ አናቶሚ ክፍል ስገባ የፎርማሊኑ ሽታ ራሴን አዞረኝ፣ ወጥቼ ኮሪደር ላይ ተቀመጥኩ። ከፎርሙ በፊት አንድ ጠዋት እዚያ ገብቼ ቢሆን ሕክምናን እስከወዲያኛው አልጽፍም ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ሽታው ጠፋኝ። አሁን ሌላ ቦታ መሆን አልፈልግም። አንድ ጠዋት የሚያሳየው የሚለመደውን ችግር ነው ወይስ የማይለመደውን? በምን ትለየዋለች?

---

ቡና ቀማሿ (ጅማ)

ወንድሜ፣ ይሄን ስታነሳ ደነገጥኩ፤ ደብዳቤው ውስጥ አላሰብኩበትም። እኔም መጀመሪያ ሰሞን ሰው ፊት ቡና ስትፋ አፍር ነበር፣ ተለመደ። የዶርም ጓደኞቼ ግን አራት ዓመት ሙሉ የለመዱት ነገር አልነበረም። ምናልባት ሽታ፣ ደም፣ እፍረት ሰውነት ይለምዳቸዋል፤ ነገሩ ራሱ ግድ የማይሰጥሽ ከሆነ ግን አይለመድም ይሆናል። እርግጠኛ ሆኜ አይደለም። አንተ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠህ ሳለ ተመልሰህ መግባት ፈልገህ ነበር?

---

ሦስተኛ ዓመት ሕክምና

ፈልጌ ነበር። በበሩ ቀዳዳ ሳይ ጓደኞቼ ልቡን ከፍተው እያዩ ነበር። ያመለጠኝ መስሎኝ ተናደድኩ።

---

መድኃኒት ቤት ያለሁ

ይሄን ንገሪያት። የእኔን አምስት የጠፉ እሽጎች ስታነብ «የት ገቡ?» ብላ ከሆነ አንድ ነገር ነው፤ ዘልላው ከሄደች ሌላ ነገር ነው።

---

ምደባ ላይ የነበርኩ

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ፎርሙን ከሞላች በኋላ ያስገባችበትን ገጽ ፎቶ ታንሳው። ቅደም ተከተሉ ተገላብጦ የተመዘገበባቸው ልጆች ምደባው ከወጣ በኋላ እያለቀሱ ቢሮ ሲመጡ ማስረጃ ያላቸው ጥቂቶች ነበሩ። መጨረሻው ሰዓት ላይ ደግሞ ሲስተሙ ይጨናነቃል፤ ሐሙስ ማታን አትጠብቅ።

---

ቡና ቀማሿ (ጅማ)

ዛሬ ረቡዕ ነው፤ የደረስንበትን ልንገራችሁ።

ያንን ጥያቄ ቃል በቃል ወረቀት ላይ ጽፋ ሬጅስትራር ሄደች። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ «አንደኛ ምርጫ ይቀድማል» አለቻት። የክፍል ተወካያቸው ደግሞ «አይ፣ በነጥብ ነው» አለ። ሲስተሙን የሚያውቀው ሰው ዛሬ የለም ተባለች። አልተፈታም። የፋርማሲ ቦታ ግን 50 እንደሆነ ነግረዋታል፣ የ12ኛ ክፍል ውጤትም ይደመራል። የእሷ 12ኛ ክፍል ከጓደኞቿ ስለሚሻል በዚያ ትንሽ ተንፍሳለች።

ከሰዓት በኋላ መድኃኒት ቤት ቆመች። እንደ አጋጣሚ ቆጠራ አልነበረም። ግን ማታ ስንደዋወል መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ያ ሰውዬ አምስቱን እሽግ አገኛቸው?» ብላ ነው። ለአክስታችን ልጅም ደውላላት ነበር። ያቺ ስለ አዳር ሃያ ደቂቃ ስታወራላት ቆይታ፣ እህቴ ስልኩን ስትዘጋ ከሰማችው ግማሹ እንደጠፋባት ነገረችኝ።

አባባን ነገረችው። ሦስታችንም ስልኩ ላይ ነበርን። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ፋርማሲ የሚባለው ያ መርካቶ ያለው ሰውዬ ዓይነት ነው?» አለ። አዎ አለችው። «እሱ ጥሩ ሰው ነው» አለና ስልኩን ለእማዬ ሰጣት። አዝኖ ይሁን ተቀብሎ እስካሁን አላወቅሁም። ቅዳሜ ቤት ስሄድ ፊቱን አያለሁ።

ፋርማሲን አንደኛ ጽፋለች። ሁለተኛ ሕክምና ላድርግ ወይስ ሜዲካል ላቦራቶሪ የሚለው ላይ ነች። አሠራሩ አንደኛ ምርጫ የሚቀድምበት ከሆነ ሕክምናን ሁለተኛ ማድረግ ባዶ መስመር ሊሆንባት ይችላል፤ በአንደኛው ዙር የሚሞላ ነው። በነጥብ ከሆነ ግን ፋርማሲ ሞልቶባት ሕክምና ክፍት የሚሆንበት መንገድ ጠባብ ነው። በሁለቱም በኩል ላቦራቶሪው የተሻለ ይመስለኛል፣ ግን አንብባ ትወስን ብዬ የሦስቱንም የኮርስ ዝርዝር ላክሁላት። አራተኛውን ገና አልሞላችም። ነገ ጠዋት ከቤተ መጻሕፍት ሆና ትሞላዋለች፣ ፎቶውንም ታነሳለች።

መድኃኒት ቤት ያለህ ወንድሜ፣ መልስ ትጠብቃለች። አምስቱ የት ነበሩ?

---

መድኃኒት ቤት ያለሁ

ዓርብ ማታ ተረኛ የነበረው ልጅ ለድንገተኛ ክፍል ሰጥቶ ካርዱ ላይ ሳይመዘግብ ሄዶ ነው። ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ነበር። በአራት ሰዓት አገኘነው።